ሙዚቃው የት ይቁም? ከአንድ አጭር ዘጋቢ ፊልም የድምፅ ሥራ የተማርኩት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሽሮ ሜዳ አካባቢ በሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ሕይወት ላይ የ17 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ሠርቼ ነበር። ቀረጻውንም ኤዲቲንጉንም የሠራሁት ብቻዬን ሲሆን፣ ማጀቢያ ሙዚቃውን ክራርና ዋሽንት የሚጫወት አንድ ወዳጄ ከከበሮ ጋር አዘጋጀልኝ። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አፍርሼ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያፈረስኩት በምስሉ ምክንያት ሳይሆን በድምፁ ነው። አሁን ይህን የምጽፈው በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ አጫጭር ፊልሞችንና ቪዲዮዎችን የሚያዘጋጁ፣ ሙዚቃ የት አስገብተው የት እንደሚያወጡ ግራ የሚገባቸው ሰዎች እኔ ያባከንኩትን ሁለት ወር እንዳያባክኑ ነው።

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና ኤዲቲንግ ሳልጀምር ነበር። ወዳጄ የላከልኝ ሙዚቃ ደስ ስላለኝ ታይምላይኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋሁትና ምስሉን በእሱ ላይ መቁረጥ ጀመርኩ። ሥራው ይፈጥናል፤ ሙዚቃው ምስሉን እየጎተተ ስለሚወስደው ደካማ የሆነው ትዕይንት ሁሉ ጥሩ ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ሲያልቅ ከ17ቱ ደቂቃ 15ቱ ሙዚቃ ነበረው። ሸማኔው ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ዋሽንት አለ፣ ገበያ ሲወጡ ከበሮ አለ፣ ልጃቸው ስለ እናቷ ሞት ስትናገር ደግሞ ዋሽንቱ በትዝታ ቅኝት እጅግ አዝኖ ይመለሳል። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ እንደ ድካሜ ፍሬ ነበር የምቆጥረው።

ቅጂውን በመጀመሪያ ያሳየሁት በሰፈራችን ለሚኖሩ፣ በጡረታ ላይ ላሉ አንድ የሬዲዮ ድራማ ድምፅ ባለሙያ ነበር። ወንበራቸውን ከስክሪኑ አዙረው ጀርባቸውን ሰጥተው አዳመጡት። ምስሉን አንድም ጊዜ ዞር ብለው አላዩትም። ሲያልቅ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ይህ ሙዚቃ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ነው። አንድም ቦታ ላይ ማን እንደጠራው አልሰማሁም» አሉኝ። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ ብለው ሙዚቃውን በሙሉ አጥፍቼ ፊልሙን እንዳጫውተው አደረጉኝና፣ የሆነ ነገር ሲጎድልብኝ ብቻ እጄን እንዳነሣ ነገሩኝ። በ17 ደቂቃ ውስጥ እጄን ያነሣሁት ስድስት ጊዜ ነው። ፊልሙ ላይ ግን 14 የሙዚቃ መግቢያዎች ነበሩ።

ለእናንተም ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህንኑ ነው። የምስሉ ቅደም ተከተል እስኪረጋ ድረስ ሙዚቃ አታስገቡ፤ ሲረጋ ያለ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ሳታቆሙ እዩትና የጎደላችሁን ሰዓት ብቻ ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሙዚቃ አንድ መስመር ያለው ዝርዝር አዘጋጁ። በመስመሩ ላይ የሚገባበት ደቂቃና ሰከንድ፣ ምን ሲሆን እንደሚገባ፣ የሚወጣበት ደቂቃና ሰከንድ፣ ምን ሲሆን እንደሚወጣ ይጻፍ። «ምን ሲሆን» የሚለውን ባዶ ከተዋችሁት ያ ሙዚቃ ጠሪ የለውም ማለት ነው። እኔ ከ14ቱ ለስምንቱ የምጽፈው ምክንያት አጣሁ፤ «ትዕይንቱ እንዳይደብር» ከማለት በቀር። የሚደብር ትዕይንት ደግሞ መድኃኒቱ ማሳጠር ነው።

በዚያው ዝርዝር ላይ ከጊዜ በኋላ ያስተዋልኩት ነገር፣ ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ይበልጥ እንደሚያስቸግር ነው። ሙዚቃ ሲገባ ከአንድ ሌላ ድምፅ ሥር ቢገባ ማንም አያስተውለውም። በር ሲከፈት፣ ሰው ሲቆም፣ መኪና ሲያልፍ ማስገባት ይቻላል። ሲወጣ ግን ቀስ እያለ እንዲጠፋ ማድረግ በጣም የተለመደ ስለሆነ ሁሉም መውጫ አንድ ዓይነት ይሆንና ተመልካቹ «ይኸው ትዕይንቱ እያለቀ ነው» ብሎ ይዘጋጃል። እኔ አሁን ሙዚቃውን አንድ ሐረግ በሚጨርስበት የመጨረሻ ምት ላይ እቆርጠውና የክራሩ ክር ርግብግቢት፣ ማለትም የድምፁ ጭራ፣ ለአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል በቀጣዩ ምስል ላይ ራሱ እስኪሞት እተወዋለሁ። ለዚህ ታዲያ ሙዚቀኛው ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ቀረጻውን እንዳያቆም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። የእኔ ወዳጅ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ጭራቸውን ቆርጦ ስለላከልኝ መጨረሻቸው ላይ ቀጭን የ«ቀጭ» ድምፅ ነበራቸው።

ከእሱ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተትም ነበር። ሙዚቃውን የተቀበልኩት ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ ተደባልቆ በአንድ ፋይል ነው። ከበሮውን ብቻ ዝም ማሰኘት ስፈልግ የማይቻል ሆነ። እንደገና ቀርጾ ክራሩን ለብቻ፣ ዋሽንቱን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ እስኪልክልኝ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። እናንተ ሙዚቃ ስታሠሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን መሣሪያ በተለየ ፋይል፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ሰከንድ የሚጀምሩ ሆነው ጠይቁ።

ፋይሎቹ በእጄ ከገቡ በኋላ በመጀመሪያ የተጫወትኩት ምት በማስቀረት ነበር። ፊልሙ የሚከፈተው በሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሱቆች ነው። ሰው ይተላለፋል፣ ክራርና ከበሮ በደቂቃ 100 ምት እየመቱ ይሄዳሉ፣ አንዲት ሻጭ ተጣጥፎ የነበረ ነጠላ አንሥታ ወደ አየር ትዘረጋዋለች። ጨርቁ ሲዘረጋ «ጧ» የሚል ድምፅ አለው። ይህ ድምፅ እንዲሰማ ፈለግሁና ከእሱ በፊት ያለውን አንድ የከበሮ ምት ለማስቀረት ወሰንኩ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጆሮ ከበሮውን ይጠብቃል፣ ከበሮው አይመጣም፣ በዚያች ባዶ ቦታ ላይ ተመልካቹ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማንኛውም ድምፅ ከመጠኑ በላይ ይጎላል።

ፊልሙ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። በደቂቃ 100 ምት ማለት አንዱ ምት 0.6 ሰከንድ፣ ማለትም ልክ 15 ፍሬም ይወስዳል። ቁጥሩ ያለ ትርፍ መከፈሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ወዳጄን በዚህ ፍጥነት እንዲጫወት የለመንኩት ምስሉን ስቆርጥ ሙሉ ፍሬም ላይ እንዲያርፍልኝ ብዬ ነው። አራት ምት ያለው አንድ ዙር 60 ፍሬም ይሆናል። እኔ ያስቀረሁት የዙሩን አራተኛ ምት ሲሆን፣ የጨርቁ «ጧ» የሚያርፈው በቀጣዩ ዙር አንደኛ ምት ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሠራሁት ስህተት ብዙ ጀማሪዎች የሚሠሩት ስለሚመስለኝ በዝርዝር ልንገራችሁ። ያንን ምት ለማስቀረት 15ቱን ፍሬም ከታይምላይኑ ላይ ቆርጬ ጣልኩና የቀረውን ሙዚቃ ወደ ፊት አስጠጋሁት። አራት ምት የነበረው ዙር ሦስት ሆነ። ብቻዬን ሳዳምጠው ልዩነቱ ብዙም አልተሰማኝም፤ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ግን በእግሩ ምቱን ሲከተል የነበረ አንዱ እግሩ ተሳሳተበትና ወደ ታች ተመለከተ። በጭብጨባና በእስክስታ ያደገ ጆሮ ምት ሲቀር ይቀበላል፣ ጊዜ ሲሰረቅ ግን ወዲያው ያነክሳል። ምት ማስቀረት ማለት ጊዜው እንዳለ ሆኖ ድምፁን ብቻ ማፈን ነው። 15ቱ ፍሬም በቦታቸው ይቆያሉ፤ ከበሮው በእነዚያ ውስጥ ዝም ይላል፤ የክራሩ ጭራ ብቻ በላዩ ያልፋል። ባዶው ቦታ ርዝመቱ ትክክል ሲሆን ተመልካቹ ምቱን በሆዱ ይመታዋል።

ሁለተኛው ስህተቴ ግኝቱን ስለወደድኩት ፊልሙ ውስጥ አምስት ቦታ ላይ መደጋገሜ ነው። በሦስተኛው ላይ ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ በአምስተኛው ላይ እንደ ማስታወቂያ ይሆናል። አራቱን አውጥቼ አንዱን ብቻ አስቀረሁ።

አሁን ወደ ፊልሙ ልብ ልግባ። የሸማኔው ልጅ በቃለ መጠይቁ ላይ እናቷ የሞተችበትን ቀን ስትተርክ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች እንደነበር፣ አባቷ ውስጥ ጉድጓዳቸው ላይ ተቀምጠው እንደሚሸምኑ፣ ከሆስፒታል ስልክ እንደተደወለ ትናገራለች። ይህን የመሰለ ታሪክ ላይ እኔ ዋሽንት ከምሬ ነበር። የመጀመሪያውን ቅጂ ለቤተሰቡ ባሳየሁ ጊዜ እሷ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ተመልክታ፣ «ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ያን ቀን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። እኔ ስልኩን አልሰማሁትም። የሰማሁት ሽመናው ሲቆም ነው» አለችኝ።

ይህንን በቃለ መጠይቁም ላይ ነግራኛለች። ቤት ሄጄ ፋይሉን ስፈልግ አገኘሁት፤ ዋሽንቱ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩ በራሴ ሙዚቃ ሥር ተቀብሮ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሰማሁትና እንዳልሰማሁት ሳስበው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ በሽመናው ድምፅ ዙሪያ ነው የሠራሁት። አንድ ድምፅ ሲቆም እንዲሰማ መጀመሪያ መኖሩ መረሳት አለበት። ስለዚህ ቤቱ በሚታይባቸው ትዕይንቶች ሁሉ፣ ሸማኔው በምስሉ ውስጥ ባይኖሩም እንኳ፣ መወርወሪያው ሲመላለስና ማጉ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከጀርባ በዝቅታ እንዲኖር አደረግሁ። ቡና ሲፈላ አለ፣ ልጅቷ ስትስቅ አለ፣ ጎረቤት ሲገባ አለ። ለብዙ ደቂቃ ሲሰማው የቆየ ተመልካች እንደ ግድግዳው ይቆጥረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ምቶች ተጋጩብኝ። እርሳቸው በደቂቃ 50 ጊዜ ያህል ይመታሉ፤ ሙዚቃው ደግሞ 100 ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ አንዱ ለሌላው እጥፍ ስለሆነ ይስማማሉ። ነገር ግን ሸማኔ ማሽን አይደለም፤ ክር ሲላላ ይዘገያሉ፣ ሲቀናቸው ይፈጥናሉ፤ ከስምንትና ዘጠኝ ምት በኋላ ከከበሮው ጋር ይለያያሉ፤ ያኔ ከሁለቱ አንዱ የተሳሳተ ይመስላል። የሽመናውን ድምፅ እየቆራረጥኩ ከከበሮው ጋር ለማስማማት ሦስት ቀን ፈጀሁ፤ ተስማማ፤ ሸማኔው ግን ሮቦት መሰሉ። መልሼ እንደነበረ አደረግሁትና አንድ ደንብ አወጣሁ፤ የሽመናው ድምፅ ጎልቶ በሚሰማበት ቦታ ከበሮ አይኖርም። ክራርና ዋሽንት ምታቸው ልል ስለሆነ ከእርሳቸው ጋር አብረው መሄድ ይችላሉ። በሥራችሁ ውስጥ የራሱ ምት ያለው ድምፅ ካለ፣ ወፍጮ ይሁን ስፌት መኪና ወይም ሙቀጫ፣ የሙዚቃውን ምት ለእሱ ልቀቁለት።

ዝምታውን ያቀድኩት ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው። የመጨረሻው የሽመና ምት 11 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ እንዲያርፍ ወሰንኩ። ከእሱ በፊት ጆሮ ወደ ሽመናው ተመልሶ እንዲያዳምጠው ጊዜ ይፈልጋል፤ አሥር ምት፣ ማለትም 12 ሰከንድ ያህል ሽመናው ብቻውን እንዲቆይ ሰጠሁት። ስለዚህ ዋሽንቱና ክራሩ 11 ደቂቃ ላይ መውጣት ነበረባቸው። በዚህ ቦታ ያለው ሙዚቃ ከገበያው ትዕይንት የሚቀጥል ስለሆነ ከበሮውም ነበረበት፤ እሱን ደግሞ ካሜራው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ከሌሎቹ አራት ዙር፣ ማለትም 9.6 ሰከንድ አስቀድሜ አወጣሁት። አንድ በአንድ የወጡበት ምክንያት ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠፉ ተመልካቹ ገና ሙዚቃው ሲቆም «አሁን የሆነ ነገር ሊመጣ ነው» ብሎ ስለሚነቃ ነው። የምፈልገው ሽመናው ሲቆም እንዲነቃ ነበር።

የልጅቷ ድምፅ በእነዚያ አሥር ምቶች ላይ ይሄዳል። ልብስ ማጠቧን፣ አባቷ ውስጥ እንደነበሩ ትናገራለች። የመጨረሻ ቃሏ ከመቆሙ ሁለት ምት አስቀድሞ ያልቃል። ሁለት ምት ሽመና ብቻ። ከዚያ የለም። በጣም ያመነታሁበት ውሳኔ፣ «የሰማሁት ሽመናው ሲቆም ነው» የምትለውን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ራሱን ማውጣት ነበር። ፊልሙን እንደገና የሠራሁት በእሱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ከዝምታው በፊት ብተወው ዝምታውን አስቀድሞ ያሳውቃል፣ ከዝምታው በኋላ ብተወው ደግሞ ተመልካቹ በጆሮው የሰማውን መልሶ ይነግረዋል። አወጣሁት። ከሰባት ሰከንድ በኋላ የሚመጣው «ልብሱን ጥዬ ገባሁ» የሚለው ድምፅዋ ነው።

በምስሉ ላይ የሚታየው የሸማኔው እጅ ነው። በሌላ ቀን ስቀርጽ አንድ ድር ተበጥሶባቸው ሥራቸውን አቁመው ክሩን ሲፈልጉ የወሰድኩት ነው። የዚያን አሳዛኝ ቀን ምስል ማንም አልቀረጸም፤ ይህንንም ለቤተሰቡ አስቀድሜ ነግሬ ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ። እጁ በዝግታ መንቀሳቀሱ ጠቀመኝ። በዝምታ ጊዜ ምስሉም ሙሉ በሙሉ ከቆመ ሰው ቪዲዮው የተበላሸ ይመስለዋል።

ዝምታ ስል ግን ምንም ድምፅ የሌለበት ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ያደረግሁት እንደዚያ ነበር፤ ሰባቱን ሰከንድ ታይምላይኑ ላይ ባዶ ተውኩት። ሰው ያለበት ክፍል እንዲህ ዓይነት ባዶነት የለውም። ጆሮ በአንዴ ከቤቱ ተጎትቶ የወጣ ያህል ይሰማዋል፤ ተመልካቹ ሐዘኑን ትቶ ስለ ድምፅ ማጉያው ማሰብ ይጀምራል። የሚያስፈልገው የክፍሉ የራሱ ድምፅ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ቀስ ብሎ የሚንጣጣ ቆርቆሮ፣ ሩቅ ያለ ሬዲዮ፣ አየሩ ራሱ። በቀረጻው ጊዜ ሁሉንም ዝም አሰኝቼ ይህንን ለአንድ ደቂቃ ብቻ መቅዳት ነበረብኝ፤ አልቀዳሁም። በኋላ ስመለስ ክረምት ገብቶ ነበርና ቆርቆሮው በዝናብ ይንጫጫል። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ ላይ በንግግሮች መካከል ያሉትን ክፍተቶች እየለቀምኩ ማጣበቅ ጀመርኩ። ረጅሙ ክፍተት ሦስት ሰከንድ ነበር። እሱን ደጋግሜ ሰባት ሰከንድ አደረግሁት፤ ደስ ብሎኝ ሳዳምጠው አንድ አውራ ዶሮ በትክክል በሦስት ሰከንድ ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ ያው በያው ሆኖ ጮኸ። ስድስት አጫጭር ክፍተቶችን በየመጋጠሚያቸው ላይ እያደራረብኩ እስክሠራው ድረስ ሌላ ግማሽ ቀን ሄደ። በማንኛውም ቦታ ከመቅረጻችሁ በፊትም ሆነ ከቀረጻችሁ በኋላ ሰዎቹ ሳይወጡ፣ ዕቃው ሳይነሣ፣ ማይኩ ባለበት ቦታ አንድ ደቂቃ ቅዱ።

ከዝምታው ቀጥሎ ምን ይምጣ የሚለውም አሳስቦኛል። በአንደኛው ሙከራዬ ዋሽንቱን ወዲያው በ11 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ላይ መለስኩት፤ ያኔ ሰባቱ ሰከንድ ለዋሽንቱ መንደርደሪያ ሆኑና ዋጋቸው ጠፋ። አሁን ከሰው ድምፅ በቀር ምንም አይመጣም፤ ሙዚቃ እንደገና የሚሰማው ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ፣ ሸማኔው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ነው። ወዳጄ በዚህ ተቀይሞኝ ነበር። የተጫወተው ሙዚቃ ከ15 ደቂቃ ወደ 6 ደቂቃ የማይሞላ ሆኖ ሲያየው ስልኬን ለጥቂት ቀናት አላነሣም። ከመጀመሪያው የስድስቱን መግቢያዎች ዝርዝር ይዤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልመጣ።

ሁለተኛው ትልቅ ውድቀት የመጣው ፊልሙ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ በቀረበ ዕለት ነው። ድምፁን የሚቆጣጠረው ወጣት ከኋላ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጧል። 11 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ላይ ሽመናው ቆመ። ሁለት ሰከንድ፣ ሦስት ሰከንድ ሲሆን ወጣቱ ብድግ ሲል አየሁት። ሽቦ የተነቀለ መስሎት መጀመሪያ ገመዱን ነካካ፤ ከዚያ ድምፁን እስከ ላይ ከፍ አደረገው። የክፍሉ ድምፅ እንደ ንፋስ ሆኖ አዳራሹን ሞላው፤ ቀጥሎ «ልብሱን ጥዬ ገባሁ» የሚለው እንደ ጩኸት ፈነዳና ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁሉ ደነገጡ። ከመካከላቸው ልጅቷ ነበረች።

ጥፋቱን በእሱ ላይ አልጥልም፤ ሥራው ድምፅ ሲጠፋ መፈለግ ነው፤ እኔ ግን ሆን ተብሎ የሚጠፋ ድምፅ እንዳለ አልነገርኩትም። ከዚያ ወዲህ ፊልም በማሳይበት ሁሉ ለድምፅ ሠራተኛው በአማርኛ በጉልህ የተጻፈ አንድ ወረቀት እሰጣለሁ፤ «ከ11፡12 እስከ 11፡19 ድምፁ ሆን ተብሎ ይቀንሳል፤ ምንም አይነካ» ይላል። ከተመልካች በፊት ገብቼም ድምፁን የማስተካክለው በጣም በሚጮኸው ቦታ ሳይሆን በዚህ ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ የአዳራሹ አየር ማቀዝቀዣ የክፍሉን ድምፅ ከዋጠው ሙሉውን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ።

በዩቲዩብ ላይ ለማውጣት ስዘጋጅ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሙሉው ፊልም LUFS በሚባለው የድምፅ ጉልህነት መለኪያ በአማካይ ወደ -14 እንዲጠጋ አድርጌ አወጣሁት፤ ዩቲዩብ ከዚያ የበለጠ የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል፣ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርግም። ችግሩ ከቁጥሩ ሳይሆን ከስልኩ ነበር። በስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ስሰማው ከኋላ በዝቅታ ያስቀመጥኩት ሽመና ጨርሶ አይሰማም፤ ያልተሰማ ነገር ደግሞ ሲቆም አይታወቅም። የሽመናው ድምፅ ሁለት ክፍል አለው፤ ወፍራሙ የመምቻው ግጭት በስልክ ላይ ይጠፋል፣ ቀጭኑ የመወርወሪያው ጩኸት ይቀራል። ለኢንተርኔት ቅጂው ቀጭኑን ብቻ አጎላሁት፣ የክፍሉንም ድምፅ ትንሽ ከፍ አደረግሁት፣ ዝምታውን ከሰባት ወደ አምስት ሰከንድ አሳጠርኩት። በአዳራሽ ውስጥ አብሮህ ዝም ያለ ሰው ስላለ ሰባት ሰከንድ ይያዛል፤ ታክሲ ውስጥ በስልክ የሚያይ ሰው ግን በስድስተኛው ሰከንድ ጣቱ ወደ ድምፅ መጨመሪያው ይሄዳል። ይህንን በሦስት ዘመዶቼ ላይ ስልክ ሰጥቼ እጃቸውን እያየሁ ነው ያረጋገጥኩት። ዓይናቸውን አትዩ፤ አውራ ጣታቸውን ተመልከቱ።

ከዚያ በኋላ በሌላ አዳራሽ ባሳየሁበት ዕለት ወረቀቱን የተቀበለው ሠራተኛ ሰዓቱ ሲደርስ ሁለት እጆቹን ብብቱ ሥር ከትቶ ተቀመጠ። ሸማኔውም መጥተው ነበር። ሲያልቅ ምን እንደሚሉ ፈርቼ ስጠጋቸው ስለ ሙዚቃውም ስለ ምስሉም ምንም አላሉም፤ «በዚያን ቀን ግን ከዚህ ይረዝም ነበር» ብቻ አሉኝ። ቤት ገብቼ ዘጠኝ ሰከንድ አድርጌ ሞከርኩት፤ ለጥቂት ሰዎችም አሳየሁት። በስምንተኛው ሰከንድ ላይ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ወደ ሰባት መለስኩት።